ማንም ያልሰማው አናባቢ

እ.ኤ.አ. በ1868 ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ አውጉስት ሽላይኸር ስለ አንድ በግና ስለ ፈረሶች አጭር ተረት ጻፈ። ተረቱን የጻፈበት ቋንቋ ከሺህ ዓመታት በፊት የጠፋ፣ ተናጋሪዎቹ አንዲት ፊደል እንኳ ሳይጽፉበት ያለፉ ቋንቋ ነው። የሳንስክሪት፣ የግሪክ፣ የላቲን፣ የፋርስኛና የጀርመንኛ እናት ነው፤ ዛሬ ቅድመ ኢንዶ-አውሮፓ ይባላል። ሽላይኸር ቃላቱን ያወጣው ልጆቹን ቋንቋዎች ጎን ለጎን እያስተያየ ነበር። በግን «አቪስ» አለው። ብዙ ሳይቆይ ግን ይህ «ኣ» ስሕተት መሆኑ ታወቀ፤ ዛሬ ሊቃውንቱ ቃሉን የሚያዋቅሩት «ኦዊስ» ወደሚል ቅርጽ ነው። በመካከሉ በእናትየው ቋንቋ የተጻፈ አዲስ ብራናም ሆነ ድንጋይ አልተገኘም። ታዲያ ማንም ሰምቶት የማያውቅ አናባቢ ተሳስቷል ተብሎ እንዴት ይታረማል?

መልሱ ንጽጽራዊ ዘዴ በሚባለው አሠራር ውስጥ አለ። አሠራሩን ከሥሩ ለማየት በእውነተኞቹ ቋንቋዎች ብዛት ከመዋጥ ይልቅ በጥቂት የፈጠራ ቃላት መሥራት ይቀላል፤ የሥነ ልሳን ተማሪዎችም ልምምዱን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምሩታል። ሦስት ቋንቋዎች አሉ እንበል። አንዱ በደጋ፣ አንዱ በቆላ፣ ሦስተኛው በሐይቅ መካከል ባለ ደሴት ይነገራል። ቃላቱ እነዚህ ናቸው፦

ድንጋይ፦ በደጋ ፓካ፣ በቆላ ፋክ፣ በደሴት ፋሃ
መንገድ፦ በደጋ ክማ፣ በቆላ ኩም፣ በደሴት ሁማ
እሳት፦ በደጋ ችፓ፣ በቆላ ኪፍ፣ በደሴት ሂፋ
ዓሣ፦ በደጋ ትክ፣ በቆላ ቲክ፣ በደሴት ቲሁ
ዝናብ፦ በደጋ ላች፣ በቆላ ላክ፣ በደሴት ላሂ

በእውነተኛ ጥናት አምስት ቃል አይበቃም፤ በመቶ የሚቆጠር ያስፈልጋል። የሚመረጡትም እንደ አካል ክፍሎች፣ እንደ ውሃና እሳት፣ እንደ ቁጥሮች ያሉ ከጎረቤት የመወሰድ ዕድላቸው አነስተኛ የሆኑ ቃላት ናቸው።

መጀመሪያ የሚፈለገው መመሳሰል አይደለም። በፋርስኛ «ባድ» መጥፎ ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛም «ባድ» መጥፎ ነው፤ ሁለቱ ቃላት ግን አንዳችም ዝምድና የላቸውም፤ እንዲሁ የገጠሙ ናቸው። ዝምድናን የሚያስረዳው ልዩነቱ ራሱ በሥርዓት ሲደጋገም ነው። በድንጋይ ደጋው «ፕ» ሲል ቆላውና ደሴቱ «ፍ» ይላሉ። በእሳትም ያው ነው። ደጋውና ቆላው «ክ» ባሉበት በድንጋይም፣ በመንገድም፣ በዓሣም ደሴቱ «ህ» ይላል። እንዲህ ያለው ድግግሞሽ በአጋጣሚ አይመጣም።

ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ እናትየው ያለችው «ፕ» ነው ወይስ «ፍ» የሚል ነው። ሁለት ለአንድ ስለሆነ «ፍ» ያሸንፋል የሚል ሰው ይኖራል። በዚህ ሥራ ግን የድምፅ ብልጫ አይሠራም። ቆላውና ደሴቱ ገና አንድ ሕዝብ ሳሉ ለውጡን አብረው አድርገውት ከሆነ፣ ሁለት ሆነው ቢቆሙም እንደ አንድ ምስክር ነው የሚቆጠሩት። ከቁጥሩ የበለጠ የሚመዝነው የለውጡ አቅጣጫ ነው። በዓለም ቋንቋዎች «ፕ» ወደ «ፍ» ሲላላ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ተቃራኒው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የላቲኑ «ፓተር» በእንግሊዝኛ «ፋዘር» ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ማስረጃ ደግሞ በሴማውያን ቋንቋዎች ውስጥ አለ። በእስራኤል የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ፍሬ ሲገዛ «ፕሪ» ሲባል ይሰማል፤ የኛ «አፍ» በዕብራይስጥ «ፔ» ነው። ዕብራይስጥና አካድኛ የቀድሞውን «ፕ» ሲጠብቁ ዓረብኛ፣ ግዕዝና አማርኛ ወደ «ፍ» ወስደውታል። ስለዚህ በእኛም ፈጠራ እናትየው «ፕ» ትላለች ብሎ መወሰን ይሻላል።

ስለ «ክ» እና «ህ» ብዙ መከራከር አያሻም። የግዕዙ «ኮነ» በአማርኛ «ሆነ»፣ «ኵሉ» ደግሞ «ሁሉ» መሆኑን ያየ ሰው «ክ» ወደ «ህ» እንደሚላላ ያውቃል። (በአማርኛ ለውጡ ሁሉንም «ክ» አልነካም፤ «ከበደ» ዛሬም «ከበደ» ነው። የደሴቱ ቋንቋ ግን አንድም አላስቀረም።)

የመጨረሻው አናባቢስ? ቆላው ድንጋይን፣ ዓሣንና ዝናብን «ፋክ»፣ «ቲክ»፣ «ላክ» ይላል፤ ሦስቱም በባዶ «ክ» ያልቃሉ። ደሴቱ ግን «ፋሃ»፣ «ቲሁ»፣ «ላሂ» ነው የሚለው። አናባቢዎቹ በደሴቱ በኋላ የተጨመሩ ቢሆኑ፣ አንዱ ራብዕ፣ ሌላው ካዕብ፣ ሦስተኛው ሣልስ የሚሆንበትን ምክንያት ማንም ሊናገር አይችልም፤ ከፊታቸው ያለው ድምፅ አንድ ነውና። ቆላው ጣላቸው ብንል ግን አንዲት ደንብ ብቻ ትበቃለች፦ የቃል መጨረሻ አናባቢ ይጠፋል። እንግዲህ ድንጋይ *ፓካ፣ ዓሣ *ቲኩ፣ ዝናብ *ላኪ ሆኑ ማለት ነው። ከቃሉ በፊት የምትቀመጠው ኮከብ ቃሉ ተጽፎ ወይም ተነግሮ የተገኘ ሳይሆን በስሌት የተደረሰበት መሆኑን ታሳውቃለች።

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ ደርሰናል። የደጋው ቋንቋ በእሳትና በዝናብ «ክ» አላለም፤ «ች» አለ። ደጋውን ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው «ችፓ» እና «ክማ»፣ «ላች» እና «ትክ» ሲሰማ «ች» እና «ክ» ከጥንት ጀምሮ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ ከሁለቱም ጋር የሚሰማው አናባቢ ያው ሳድስ ነውና። ሌሎቹን ቋንቋዎች አጠገቡ ሲያደርግ ግን ነገሩ ይለወጣል። ደሴቱ ሣልስ ባለበት ሁሉ ደጋው «ች» ይላል፤ ደሴቱ ካዕብ ወይም ራብዕ ባለበት ደጋው «ክ» ይላል። እናትየው የነበራት አንድ «ክ» ነው። ደጋው ከ«ኢ» በፊት የመጣውን ወደ «ች» ቀየረ፤ ከዚያ ካዕብና ሣልስን አንድ ላይ ወደ ሳድስ አወረደ። ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይችልም። አናባቢዎቹ ቀድመው ቢቀላቀሉ ኖሮ «ክ»ን የሚያለሰልስ «ኢ» ባልተረፈ፣ «ች»ም ባልተወለደ ነበር። ዓመተ ምሕረት ሳይኖር የለውጦችን ቀዳሚና ተከታይ ማወቅ የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ በፈጠራ ቋንቋ ብቻ የሚሆን እንዳይመስል አማርኛን መመልከት ይበቃል። በግዕዝ «ነጋሢ» እና «ቀዳሲ»፣ በትግርኛ «ከፋቲ» እና «ወሳዲ» ይባላል። አማርኛው «ነጋሽ»፣ «ቀዳሽ»፣ «ከፋች»፣ «ወሳጅ» ይላል። «ኢ» ከፊቷ ያለውን ድምፅ ለውጣ ራሷ ጠፋች። ልትለውጠው በማትችለው ድምፅ ላይ ግን እስከ ዛሬ አለች፦ «ጸሐፊ»፣ «ሰባሪ»። ግዕዝም ትግርኛም ባይኖሩ እንኳ «ነጋሽ» እና «ጸሐፊ» ጎን ለጎን ቢቀመጡ የጠፋችውን «ኢ» ይመሰክራሉ።

ሽላይኸርን ያሳሳተውም እንዲህ ያለ ዱካ ሳይነበብ መቅረቱ ነው። ሳንስክሪት እንደ ደጋው ቋንቋ አናባቢዎቹን አቀላቅሏል፤ ግሪክና ላቲን «ኤ»፣ «ኦ»፣ «ኣ» እያሉ በሚለዩበት ቦታ እርሱ «ኣ» ብቻ ይላል። በጊዜው ሳንስክሪት ከሁሉ ለእናትየው ቅርብ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር የግሪኩና የላቲኑ ልዩነት በኋላ የመጣ ተደርጎ ተወሰደ። በ1870ዎቹ ግን በርካታ ሊቃውንት አንድ ነገር አስተዋሉ። «እና» የሚለው የላቲን «ክዌ» በሳንስክሪት «ቻ» ነው፤ «ምን» የሚለው የላቲን «ክዎድ» ግን በሳንስክሪት «ካድ» ነው። በሳንስክሪት አናባቢው በሁለቱም «ኣ» ነው፤ ተነባቢው ግን ተለያይቷል። ላቲን «ኤ» ባለበት ሳንስክሪት «ች»፣ ላቲን «ኦ» ባለበት ሳንስክሪት «ክ» ይላል። ስለዚህ ሳንስክሪትም ድሮ «ኤ» ነበረው ማለት ነው፤ አናባቢዎቹን በመለየት ረገድ የቀድሞውን የጠበቁት ግሪክና ላቲን ናቸው። የሽላይኸር «አቪስ» በዚህ ምክንያት ፈረሰች።

ወደ ፈጠራው እንመለስና ጨረቃን እንጨምር። ደጋው «ስች»፣ ቆላው «ሱክ» ይላል፤ ደሴቱ የጥንቱን ቃል ትቶ ሌላ ቃል ይጠቀማል። የመጀመሪያውን ካዕብ ቆላው ነገረን። የመጨረሻውን አናባቢ ግን ዛሬ በሕይወት ያለ ተናጋሪ አንድም አይጠራውም፤ ቆላው ጥሎታል፣ ደጋው ወደ ሳድስ አውርዶታል። ቢሆንም «ች» አለች፤ «ች» ካለች «ኢ» ነበረች። ቃሉ *ሱኪ ነው።

እንዲህ ያለው ድፍረት በእውነተኛው ታሪክ ተፈትኖ ያውቃል። ስዊሳዊው ፈርዲናንድ ደ ሶሱር በ1879 ገና በ21 ዓመቱ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቅድመ ኢንዶ-አውሮፓ ውስጥ በየትኛውም የታወቀ ልጅ ቋንቋ የማይሰሙ ድምፆች እንደነበሩ በስሌት ብቻ ተነሥቶ አቀረበ። ብዙዎች አላመኑትም። በኋላ በቱርክ ምድር በሸክላ ጽላት ላይ የተገኘው የሒታውያን ቋንቋ ተነበበ፤ በ1927 ፖላንዳዊው የዚ ኩሪዎቪች ሶሱር ከጠቆማቸው ቦታዎች በአንዳንዶቹ ላይ በሒታይት «ኽ» የሚመስል ተነባቢ ተጽፎ እንደሚገኝ አሳየ። ሶሱር ከሞተ 14 ዓመት ሆኖት ነበር።

ዘዴው ደንቡን የሚጥስ ቃልም ያጋጥመዋል። ጨው በቆላ «ኪር»፣ በደሴት «ሂራ» ነው እንበል። በደጋው ደንብ መሠረት «ችራ» መምጣት ነበረበት፤ የደጋ ሰዎች ግን «ኪር» ይላሉ። አንድ ቃል ሦስት ደንብ ጣሰ፦ «ክ» ወደ «ች» አልተለወጠም፣ ሣልሱ ሳድስ አልሆነም፣ የመጨረሻው «ኣ» ጠፍቷል። የመጨረሻ አናባቢ የሚጥለው ደግሞ ቆላው ብቻ ነው። ስለዚህ የደጋው «ኪር» ከእናትየው የተወረሰ ሳይሆን ከጨው ነጋዴው ጋር ከቆላ የወጣ ቃል ነው፤ የመጣውም እነዚያ ለውጦች ካበቁ በኋላ መሆን አለበት። በእንግሊዝኛም «ፉት» እና «ፔዳል» ሥራቸው አንድ ነው፤ «ፔዳል» በ«ፕ» መጀመሩ ከላቲን ወገን የተወሰደ መሆኑን ያጋልጠዋል። እንዲህ ያለውን ቃል ሳይለዩ ከዘመድ ቃላት ጋር መደባለቅ የጀማሪ ትልቁ ወጥመድ ነው፤ ደንቡ ትክክል ሆኖ ሳለ የተሳሳተ ያስመስለዋልና።

አንዳንዱ ነገር ደግሞ ከዘዴው አቅም በላይ ነው። አጥንት በደጋ «ልፕ»፣ በቆላ «ሊፍ» ነው፤ ደሴቱ ይህን ቃል አያውቀውም። መጀመሪያው *ሊፕ መሆኑ ግልጽ ነው። መጨረሻው «ኣ» አልነበረም፤ ቢሆን ደጋው «ልፓ» ይል ነበር። የቀሩት «ኢ» እና «ኡ» ናቸው፤ «ፕ» ግን እንደ «ክ» በ«ኢ» የሚለሰልስ ድምፅ ስላልሆነ ዱካ አልያዘም። ጥንቁቅ ተመራማሪ እዚህ ላይ የሚመስለውን አይመርጥም፤ *ሊፒ ወይም *ሊፑ ብሎ ሁለቱንም ይጽፋል። ከዚያ በደሴቱ የድሮ የቦታ ስሞች፣ የምርቃትና የእርግማን ቃላት ውስጥ «ሊፊ» ወይም «ሊፉ» የሚል ቅሪት እንዳለ መፈለግ ይጀምራል።