አውቶቡሱ ሲዞር ማን ይገፋናል?

አውቶቡስ አደባባይ ሲዞር ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። በቀኙ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ አንድ ኃይል ወደ ግድግዳው እንደገፋው ይምላል። አስፋልቱ ዳር ቆሞ የሚያይ ግን ሌላ ነገር ይላል፦ ሰውዬው ቀጥ ብሎ መሄድ ነበረበት፣ ግድግዳው ነው ወደ አደባባዩ መሃል እየገፋ ያጠመዘዘው።

በቁጥር እንየው። አውቶቡሱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 7 ሜትር ገደማ ቢሄድና ከመሃል 20 ሜትር ርቆ ቢዞር፣ ግድግዳው በሰውዬው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 147 ኒውተን ነው፤ 15 ኪሎ ያህል ሸክም የሚጫነው ነው ማለት ይቻላል። ከመንገድ ዳር ለሚያይ በጎን በኩል ያለው ኃይል ይህ ብቻ ነው። ወደ መሃል የሚስበው ኃይል የሚባለውም እሱ ነው።

ተሳፋሪው ግን ራሱን እንደ ቆመ ይቆጥራል። ግድግዳው እየገፋው ካልተንቀሳቀሰ፣ በተቃራኒው እኩል 147 ኒውተን የሚገፋ ነገር አለ ማለት ነው። ከመሃል የሚያሸሸው ኃይል የሚመጣው በዚህ ሂሳብ ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ሥዕል ላይ አስፍሮ «ከመንገድ ዳር ሲታይ» የሚል ተማሪ ችግር ይገጥመዋል፦ ኃይሎቹ ከተጣፉ፣ ሰውዬው ለምን ይዞራል?

እውነተኛው ፈተና ከመስኮቱ ውጭ ነው። ከአደባባዩ መሃል 30 ሜትር ርቃ፣ ታክሲ የምትጠብቅ፣ እሷም 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት አለች እንበል። ከአውቶቡሱ ሲታይ መላው ሰፈር ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሴትየዋም በሰከንድ 10.5 ሜትር እየበረረች አደባባዩን ትከባለች። ለመዞር 220 ኒውተን ገደማ ወደ መሃል የሚስባት ነገር ያስፈልጋታል። ገመድ የለ፣ ግድግዳ የለ። ጭራሽ ከመሃል የሚያሸሸው ኃይል 220 ኒውተን ወደ ውጭ ይገፋታል!

ጉድለቱን የሚሞላው ፈረንሳዊው ጋስፓር ጉስታቭ ኮሪዮሊስ በ1835 ያወጣው ስሌት ነው። እሱ ያጠና የነበረው የሚሽከረከሩ ማሽኖችን እንጂ ነፋስን አልነበረም። ኃይሉ የሚያርፈው ከሚዞረው ተመልካች አንጻር በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ብቻ ነው። በእኛ አደባባይ ሴትየዋን 440 ኒውተን ገደማ ወደ መሃል ይስባታል፤ ወደ ውጭ የሚገፋት 220 ሲቀነስ፣ የቀረው 220 ለመዞሪያዋ ልክ ይበቃል። ሴትየዋ ራሷ ምንም አልተሰማትም፤ ታክሲዋን እየጠበቀች ነው።

በመቀመጫው ጸጥ ብሎ የተቀመጠውን ተሳፋሪ ኮሪዮሊስ አይነካውም። ተነስቶ ወደ በሩ በሰከንድ 1 ሜትር ቢራመድ ግን 42 ኒውተን ወደ ቀኙ ይጎትተዋል፤ በእግሩ ስር ያለውን ወለል አጥብቆ መርገጥ አለበት። ምድርም ትዞራለች፣ ግን አውቶቡሱ በ18 ሰከንድ የሚጨርሰውን ዙር እሷ አንድ ቀን ትወስድበታለች። ስለዚህ ኮሪዮሊስ በእርምጃችን ላይ አይታወቅም፤ ለብዙ ሰዓታት ረጅም ርቀት በሚጓዝ ነፋስ ላይ ግን ጎልቶ ይወጣል። የእጅ መታጠቢያ ውሃ ወዴት እየዞረ እንደሚወርድ የሚወስነውም እሱ ሳይሆን የገንዳው ቅርጽና ውሃው ሲሞላ የነበረው እንቅስቃሴ ነው።