ለወላጅ የሚላከው መልእክት ለምን ያጥራል?

ትምህርት ቤቶች ለወላጆች ስብሰባ የሚልኩት የስልክ መልእክት በአማርኛ ሲጻፍ ቦታው ይጠባል። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ሲይዝ፣ በፊደላችን ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራሉ። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ይከፈልና የሁለት መልእክት ሒሳብ ይጠይቃል።

ስለዚህ ረጅሙ ሰላምታ ይቅርና ቀኑ ይቅደም፦

«ቅዳሜ ጥር 16 ከጠዋቱ 3 ሰዓት የ4ኛ ሀ ወላጆች ስብሰባ አለ። ማን ይመጣል? 1 እናት 2 አባት 3 ሌላ»

ይህ 66 ምልክት ነው። የዕለቱ ስምና ቀኑ አብረው መጻፋቸው አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዲያጋልጠው ነው። «ከጠዋቱ» የሚለው ከቀረ፣ በስልኩ ሰዓት የሚቆጥር ወላጅ 3 ሰዓትን ከሰዓት በኋላ አድርጎ ሊረዳው ይችላል።

«ትመጣላችሁ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «እሺ» ብቻ ይሆናል፤ ማን እንደሚመጣ ግን አይታወቅም። በቁጥር ሲመለስ መምህሩ አክስት ወይም አያት የሚመጡለትን ልጅ ቀድሞ ያውቃል፤ ውጤቱን ለማን እንደሚያስረዳም ይዘጋጃል። ወላጆች ሆይ፣ መልእክቱ ሲደርሳችሁ ቁጥሯን ዛሬውኑ መልሱ።