የስብሰባ ማሳሰቢያ በዋዜማው ስለ መላክ

በአዊ ዞን፣ በዳንግላና በእንጅባራ ዙሪያ ከአንድ ቦይ ውሃ የምትካፈሉ ገበሬዎች ሆይ፤ የበጋው መስኖ ሲጀመር ቦዩ ይጠረጋል፤ የውሃውም ተራ ይደለደላል። ይህ የሚሆነው በስብሰባ ነው። ከስብሰባው የቀረ ሰው ተራው መቼ እንደ ሆነ ሳያውቅ ይከርማል፤ በሌሊትም የሌላውን ቦይ ይሰብራል፤ ከዚያም ጠብ ይነሣል። በርቀት ላለ ሰው ከሳምንት በፊት የተነገረ ቀጠሮ ይረሳልና፤ ጸሐፊው በዋዜማው አጭር መልእክት በስልክ ቢልክ መልካም ነው።

ለምሳሌ 36 አባላት ያሉት አንድ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አለ እንበል። ስብሰባው እሑድ ታኅሣሥ 12 ቀን ከቅዳሴ በኋላ ነው። ጸሐፊው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ሰው ከገበያ በሚመለስበት ጊዜ፣ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

«ነገ እሑድ ታኅሣሥ 12 ቀን ከጧቱ 4 ሰዓት ከቦዩ መነሻ ከሾላው ሥር እንሰበሰባለን። የምንወስነው 1ኛ የጠረጋ ቀን 2ኛ የውሃ ተራ ነው። መምጣት መቅረትዎን ዛሬ ማታ እስከ 2 ሰዓት ያስታውቁን። የውሃ ጸሐፊ።»

«ነገ» ብቻ አለመባሉን ይመልከቱ። ኔትዎርክ ሲጠፋ የቅዳሜው መልእክት እሑድ ጧት ይደርሳል፤ ያን ጊዜ አንባቢው «ነገ» የሚለውን ሰኞ ብሎ ይይዘዋል። የዕለቱና የወሩ ስም አብሮ ከተጻፈ ግን አይሳሳትም። ሰዓቱም «ከጧቱ» የሚል ይኑረው። የእኛ 4 ሰዓት በብዙዎቹ ስልኮች ላይ 10፡00 ተብሎ ይታያልና፤ ከወረዳ የሚጋበዝ ባለሙያ ካለ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ግልጽ ይሁንለት።

ቦታውን «በተለመደው ስፍራ» ብሎ መተው አይገባም፤ አዲስ አባልና ባሏ የሞተባት ሴት የተለመደውን ስፍራ ላያውቁት ይችላሉ። ጉዳዩም «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ተብሎ አይጻፍ። ሰው ቦይ ለመጥረግ የተጠራ ከመሰለው ልጁን ይልካል፤ ልጁም ስለ ተራ ድምፅ ሊሰጥ አይችልም። «የምንወስነው» ተብሎ ከተጻፈ ግን ባለቤቱ ራሱ ይመጣል።

ስለ ርዝመቱ አንድ ነገር እንንገራችሁ። በአማርኛ ፊደል የሚጻፍ የስልክ መልእክት በአንድ ሂሳብ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል ቢሆን 160 ይይዛል። ከ70 ሲያልፍ ስልኩ መልእክቱን በ67 በ67 ፊደል ከፍሎ ይልከዋል፤ ሂሳቡም በየክፍሉ ነው። ባዶው ቦታና ነጥቡ ሁሉ ይቈጠራል። ከላይ ያለው 131 ፊደል ስለ ሆነ በሁለት ክፍል ይሄዳል፤ «ለውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አባላት» ብለን ብንጨምርበት ኖሮ ሦስት ይሆን ነበር። ለ36 ሰው ሲላክ 36 ተጨማሪ ሂሳብ ማለት ነው። ቢሆንም ለመቈጠብ ሲባል ቀኑን ወይም ቦታውን መቀነስ ሞኝነት ነው፤ የሚቀነሰው ሰላምታው ነው፤ ሰላምታውን ነገ ከሾላው ሥር እንለዋወጠዋለን።

ለመልሱ «እመጣለሁ» ወይም «እቀራለሁ» የሚል አንድ ቃል ይበቃል። ሂሳብ ያነሰው አንድ ሚስኮል ቢያደርግ «እመጣለሁ» ማለት እንዲሆን አስቀድመው ይስማሙ። ስልክ ለሌለውና ማንበብ ለማይችለው ጐረቤቱ ይንገረው፤ የነገረውም ሰው መልሱን ለጸሐፊው ያምጣ።

አሁን ማታ 2 ሰዓት ሆነ እንበል፤ 21 ሰዎች እንመጣለን፣ 4 እንቀራለን ብለዋል፤ 11 ዝም ብለዋል። ደንባቸው ከግማሽ በላይ፣ ማለት 19 ሰው፣ ይበቃል የሚል ከሆነ ቍጥሩ ሞልቷል። ነገር ግን ጸሐፊው የስም ዝርዝሩን በቦዩ ቅደም ተከተል ይዞ ከሆነ፣ ዝም ካሉት 11 ውስጥ 9ኙ ከቦዩ ግርጌ መሆናቸውን ያያል። የግርጌ ሰዎች ሳይኖሩ የተወሰነ ተራ በወረቀት እንጂ በመሬት አይጸናም፤ ውሃው የሚያጥረው ለእነርሱ ነውና። ስለዚህ ለየውሃ አባቱ ነግሮ በዚያው ማታ ይደውልላቸው፤ ካልተገኙም ጧት ማልዶ ሰው ይላክ። ዝምታ እሺታም እንቢታም አይደለም፤ ምናልባት ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ይሆናል።

እንመጣለን ያሉት 15 ብቻ ቢሆኑስ? ስብሰባውን ማስተላለፍ የሚሻለው በዚያው ማታ ነው እንጂ ሰው ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ከመጣ በኋላ አይደለም። የማስተላለፊያው መልእክት አዲሱን ቀንና ሰዓት ይዞ «እቀራለሁ» ላሉትም ጭምር ይድረሳቸው፤ በአዲሱ ቀን ሊመቻቸው ይችላልና።