ሁለቱም ልክ ሲመስሉ

የምርጫ ጥያቄ የሚከብደው አራቱም አማራጮች ሲያደናግሩ አይደለም። ሁለቱ በቀላሉ ወድቀው የቀሩት ሁለቱ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ሲሉ ነው። ክፍል ውስጥ ተማሪዎችን ደጋግሞ የሚያከራክር አንድ የፊዚክስ ጥያቄ እንውሰድ።

አዲስ አበባ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የዚህ ቀጥተኛ ምክንያት የቱ ነው?

ሀ. አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ
ለ. የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ መሆኑ
ሐ. በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን አነስተኛ መሆኑ
መ. ከተማዋ ከፍታ ላይ መገኘቷ

«ሀ» ቶሎ ይወድቃል። ቅዝቃዜ ውሃው እስኪፈላ ያለውን ጊዜ ያረዝማል እንጂ የሚፈላበትን ዲግሪ አይቀንስም። «ሐ» ግን ብዙ ሰው ይጥላል፤ ዓረፍተ ነገሩ በራሱ እውነት ነውና። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ያንሳል፣ ሯጮቻችንም ያውቁታል። ይሁን እንጂ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ለእሳቱ ነው፤ ውሃው ለመፍላት አይፈልገውም። እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

«ለ» እና «መ» ቀሩ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ከጥያቄው ጋር ይገናኛሉ። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ሁለቱን ደጋግሞ ያነባል፤ ባነበበ ቁጥር ግን ይበልጥ ይመሳሰሉበታል። የሚሻለው ሁለቱን የሚያለያይ ሁኔታ መፈለግ ነው፦ አንደኛው ኖሮ ሌላኛው የማይኖርበት ቦታ የት ነው?

እዚያው አዲስ አበባ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ እንፋሎቱን የሚያፍን ድስት ጣዱ። ከፍታው አልተለወጠም፤ ውስጡ ያለው ግፊት ግን ጨመረ። ውሃው አሁን የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በላይ ነው፤ ባቄላውም ቶሎ ይበስላል። በተቃራኒው ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ ከተዘጋ ዕቃ ውስጥ አየሩ በፓምፕ ቢመጠጥ፣ ውሃው ያለ ምንም ከፍታ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል። ውሃው የሚከተለው ግፊቱን ነው። ከፍታ የሚሠራው ግፊቱን በመቀነስ ስለሆነ የምክንያቱ ምክንያት ነው። ጥያቄው ደግሞ «ቀጥተኛ» ብሏል፤ መልሱ «ለ» ነው።

ያቺ አንዲት ቃል ባትኖር «መ»ን የመረጠ ተማሪ ለመከራከር በቂ ምክንያት ይኖረው ነበር። ስለዚህ ሁለት አማራጭ ሲቀር ዓይን መመለስ ያለበት ወደ ጥያቄው ነው፤ «ቀጥተኛ»፣ «ዋነኛ»፣ «በመጀመሪያ»፣ «ሁልጊዜ» የሚሉት ቃላት ሁለቱን እውነቶች ከሚለዩት መካከል ናቸው።

አንዳንዴ የሚያለያይ ሁኔታ ቢፈለግም አይገኝም። አንደኛው እውነት በሆነበት ሁሉ ሌላኛውም እውነት ከሆነ፣ ሁለቱ በተለያየ ቃል አንድ ነገር ተናግረዋል ማለት ነው። መልሱ አንድ ብቻ በሆነ ፈተና ደግሞ ሁለቱም መልስ ሊሆኑ አይችሉም። ያን ጊዜ ቀደም ብለው የጣሏቸውን አማራጮች እንደገና ማንሳት ያስፈልጋል፤ መልሱ ከእነሱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።