ስለ ሁለት ትርፎች መታረቅ

በአንድ ዓመት 16,000 ብርድ ልብስ ሸጦ 1,700,000 ብር ያተረፈ ፋብሪካ፣ በማግሥቱ ዓመት የመሸጫው ዋጋና የማምረቻው ወጪ ሳንቲም ሳይለወጥ ሽያጩ ወደ 20,000 ቢያድግለት፣ የሒሳብ ሹሙ ሰኔ 30 ቀን መዝገቡን ዘግቶ ያቀረበው ትርፍ ግን ያው 1,700,000 ብር ሆኖ ቢገኝ፣ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ወይ ገንዘብ ያዡን ወይ ንብረት ክፍሉን ነው። ነገር ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ የጎደለ ገንዘብ የለም፣ የተሳሳተ ድምርም የለም። ነገሩ ያለው የፋብሪካው ቋሚ ወጪ ከየትኛው ዓመት ትርፍ ላይ ይነሣ በሚለው ሥርዓት ላይ ነው፤ ይህም ሥርዓት በሁለት መንገድ ስለሚፈጸም ከአንዱ መዝገብ ሁለት ዓይነት ትርፍ ይወጣል።

ምሳሌውን በቁጥር እናቁመው። አንዱ ብርድ ልብስ በ1,000 ብር ይሸጣል። ለክሩ፣ ለቀለሙና በቁጥር ለሚከፈለው የሠራተኛ ዋጋ በአንዱ ላይ 600 ብር ይወጣል፤ ይህ ምርቱ በበዛ ቁጥር የሚበዛ፣ ባነሰም ቁጥር የሚያንስ ስለሆነ ተለዋዋጭ ወጪ ይባላል። ለሕንፃው ኪራይ፣ ለማሽኖቹ የእርጅና ቅናሽና ለተቆጣጣሪዎቹ ደመወዝ የሚወጣው 4,000,000 ብር ግን አንድ ብርድ ልብስ ተሠራ ሃያ ሺሕ ተሠራ በየዓመቱ አይቀሬ ነው። ፋብሪካው በደኅና ጊዜ 20,000 ያመርታልና ይህ ቋሚ የማምረቻ ወጪ ሲካፈል ለያንዳንዱ 200 ብር ይደርሰዋል። ከዚህ ሌላ ለሽያጭና ለአስተዳደር በዓመት 1,500,000 ብር ይወጣል፤ ይህኛው በሁለቱም ሥርዓት ወጪነቱ በወጣበት ዓመት ላይ ብቻ ስለሚቆጠር ወደ ዕቃው ዋጋ አይገባም።

በትምህርት ቤት አብሶርፕሽን ኮስቲንግ እየተባለ የሚጠራው የሙሉ ወጪ ስሌት 200 ብሩን ከ600 ብሩ ጋር አዋሕዶ ብርድ ልብሱን 800 ብር ዋጋ ያለው ሀብት አድርጎ ወደ መጋዘን ያስገባዋል፤ ዕቃው እስኪሸጥ ድረስም ያ 200 ብር ወጪ መሆኑ ቀርቶ በንብረት ስም ይቀመጣል። ማርጂናል ኮስቲንግ የሚባለው የተለዋዋጭ ወጪ ስሌት ግን ዕቃውን በ600 ብር ብቻ መዝግቦ፣ 4,000,000 ብሩን ዕቃው ተሸጠም አልተሸጠም በዚያው ዓመት ትርፍ ላይ ያወርደዋል።

እንግዲህ በመጀመሪያው ዓመት ፋብሪካው 20,000 አምርቶ 16,000 ሸጦ ነበር። በተለዋዋጭ ወጪ ስሌት ከያንዳንዱ ሽያጭ 400 ብር ተርፎ 6,400,000 ብር ይሆናል፤ ከዚህ ላይ 4,000,000ውና 1,500,000ው ሲነሣ 900,000 ብር ይቀራል። በሙሉ ወጪ ስሌት ግን ከተሸጡት ጋር የወረደው ቋሚ ወጪ 3,200,000 ብር ብቻ ነው፣ ካልተሸጡት 4,000 ብርድ ልብሶች ጋር 800,000 ብር በመጋዘን አድሯልና፤ ስለዚህ ትርፉ 1,700,000 ብር ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ 16,000 አምርቶ ከመጋዘን የነበሩትን 4,000 ጨምሮ 20,000 ሸጠ። በተለዋዋጭ ወጪ ስሌት ትርፉ 2,500,000 ብር ነው። በሙሉ ወጪ ስሌት ግን ይህ ዓመት ከራሱ 4,000,000 ብር ሌላ አምና በመጋዘን ያደረውንም 800,000 ብር ስለ ተሸከመ፣ በጠቅላላው 4,800,000 ብር ቋሚ ወጪ ወርዶበት 1,700,000 ብር ቀረው። የሁለቱ ዓመታት ትርፍ ቢደመር በሁለቱም ሥርዓት 3,400,000 ብር ነው፤ በዘመኑ ሁሉ የሚገኘው ትርፍ አንድ ሲሆን የሚለያየው ለየዓመቱ የሚታደለው ድርሻ ነው።

ሁለቱን ትርፎች ማስታረቅ ማለትም ይህንኑ በአንድ መስመር መጻፍ ነው። ከተለዋዋጭ ወጪው ትርፍ ተነሥቶ፣ በዓመቱ መዝጊያ መጋዘን ውስጥ ባለው ዕቃ ላይ ያረፈውን ቋሚ ወጪ መደመር፣ ከዓመቱ መክፈቻ ጀምሮ የነበረው ዕቃ ይዞት የመጣውን ቋሚ ወጪ መቀነስ ነው፤ የሚገኘውም የሙሉ ወጪው ትርፍ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት 900,000 ሲደመር 800,000፣ በሁለተኛው 2,500,000 ሲቀነስ 800,000፣ ሁለቱም 1,700,000 ይሰጣሉ። መደመሩና መቀነሱ ለተምታታበት ሰው ቀመሩን በቃል ከመያዝ ይልቅ መጋዘኑን መጠየቅ ይሻለዋል፦ ክምችቱ ካደገ የዘንድሮው ሸክም ከፊሉ ለከርሞ ተላልፏልና የሙሉ ወጪው ትርፍ ይበልጣል፤ ክምችቱ ከቀነሰ የአምናው ሸክም ዘንድሮ ወርዷልና ያንሳል።

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ተማሪዎችንና አንዳንድ ልምድ ያላቸውንም የሒሳብ ሠራተኞች ሲያሰናክል የማየው አንድ ነገር አለ። በሁለተኛው ዓመት 16,000 ብቻ ስለ ተመረተ፣ በ200 ብር ሒሳብ ዕቃው ላይ ያረፈው 3,200,000 ብር ሲሆን፣ ዕቃ ያልተሸከመው 800,000 ብር በቀጥታ ወጪ ተደርጎ ይወርዳል። ይህ 800,000 ብር ከመጋዘን ከወጣው 800,000 ብር ጋር በቁጥር ስለ ገጠመ፣ ማስታረቂያው እርሱ የሆነ ይመስላል፤ አይደለም። ፋብሪካው 16,000 አምርቶ ያንኑ 16,000 ቢሸጥ ኖሮ ዕቃ ያልተሸከመው ወጪ ያው 800,000 ብር በሆነ ነበር፤ ሁለቱ ትርፎች ግን እኩል 900,000 ብር በሆኑ ነበር። ያልተሸከመው ወጪ በሙሉ ወጪው ትርፍ ውስጥ አስቀድሞ ገብቷልና በማስታረቂያው መስመር ላይ ዳግመኛ ቦታ የለውም።

ምርትና ሽያጭ እኩል ከሆኑ ሁለቱ ትርፎች እኩል ናቸው የሚለው የታወቀ ቃልም እውነት የሚሆነው ለአንዱ ዕቃ የሚደርሰው ቋሚ ወጪ ካልተለወጠ ብቻ ነው። ዓመቱ በ4,000 ብርድ ልብስ ተከፍቶ በ4,000 ቢዘጋ፣ ነገር ግን ኪራይ ጨምሮ ድርሻው ከ200 ወደ 230 ብር ቢወጣ፣ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይሸጣል በሚለው ሥርዓት መሠረት በመክፈቻው ዕቃ ላይ 800,000፣ በመዝጊያው ላይ 920,000 ብር ያርፋል። የዕቃው ቁጥር ምንም ሳይነቃነቅ ሁለቱ ትርፎች በ120,000 ብር ይለያያሉ። ስለዚህ የቁጥሩን ለውጥ ወስዶ በድርሻው ከማባዛት ይልቅ፣ የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ዕቃ እያንዳንዱን በየራሱ ድርሻ አስልቶ ማነጻጸር የተረጋገጠው መንገድ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሙሉ ወጪው ሥርዓት ለሥራ አስኪያጅ የሚከፍተው በር ነው። ገበያ በቀዘቀዘበት በመጀመሪያው ዓመት ሥራ አስኪያጁ 20,000 ማምረቱን ትቶ፣ ሽያጩ ያው 16,000 ሆኖ ሳለ፣ ማሽኖቹን ሌሊት ጭምር አሠርቶ 25,000 ቢያመርት ለያንዳንዱ የሚደርሰው ቋሚ ወጪ ወደ 160 ብር ይወርዳል፤ ከዚያም 9,000 ብርድ ልብስ በመጋዘን አድሮ 1,440,000 ብር ቋሚ ወጪ ይዞ ይቀመጣል። የሙሉ ወጪው ትርፍ 2,340,000 ብር ይሆናል፤ አንድም ብርድ ልብስ ተጨማሪ ሳይሸጥ በ640,000 ብር አደገ ማለት ነው። የተለዋዋጭ ወጪው ትርፍ ግን ከ900,000 ብር ንቅንቅ አይልም። በዚያው ጊዜ ለተጨመሩት 5,000 ብርድ ልብሶች ክርና ቀለም ለመግዛት፣ ለሠራተኛም ለመክፈል 3,000,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ከባንክ ወጥቷል። የሥራ አስኪያጁ ጉርሻ በትርፍ የሚታሰብ ከሆነ ጉርሻው ይጨምራል፤ የድርጅቱም ግብር በ30 ከመቶ ስለሚታሰብ በዚህ ባልተሸጠ ዕቃ በተገኘ ትርፍ ላይ 192,000 ብር ይከፈላል። በወረቀት ትርፋማ ሆኖ ለደመወዝ የሚበደር ፋብሪካ ያጋጠመው ሰው ከሌሎቹ ምክንያቶች አስቀድሞ ይህንን ቢመረምር እመክራለሁ።

ይህ ጉዳይ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ጆናታን ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው በአሜሪካ የወጪ ሒሳብ አዋቂዎች ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ሽያጭ ከፍ ሲል ትርፍ ዝቅ የሚልበትን ሁኔታ አንሥቶ ለውስጥ አስተዳደር የተለዋዋጭ ወጪ ስሌት እንዲያዝ ተከራክሯል። ለውጭ ተመልካች በሚቀርበው ሪፖርት ላይ ግን ድሉ የሙሉ ወጪው ሆኖ ቀርቷል። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበልነው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ፣ ስለ ዕቃ ክምችት በሚናገረው በ2ኛው ደረጃ፣ የማምረቻው ቋሚ ወጪ ከዕቃው ዋጋ ጋር እንዲዋሐድ ያዛል። ደረጃው ጥንቃቄም አልጎደለውም፦ ቋሚው ወጪ በመደበኛ የማምረት ዓቅም እንዲካፈል፣ ምርት ባነሰበት ዓመት የየዕቃው ድርሻ እንዳይጨምር፣ ከልክ በላይ በተመረተበት ዓመት ድርሻው እንዲቀነስ፣ ዕቃውም ከሚያወጣው የተጣራ የሽያጭ ዋጋ በላይ እንዳይመዘገብ ያዛል። ሆኖም ከላይ ያየነው ብርድ ልብስ በ760 ብር ተመዝግቦ ገበያው 1,000 ብር የሚያወጣለት ስለሆነ፣ እነዚህ አጥሮች ሁሉ ተጠብቀው እንኳ 2,340,000 ብሩ ሕጋዊ ትርፍ ሆኖ ያልፋል።

ስለዚህ የሙሉ ወጪውን ሪፖርት ለኦዲተሩና ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማቅረብ ግዴታ ቢሆንም፣ የዳይሬክተሮች ቦርድ በየሩብ ዓመቱ የማስታረቂያውን አንድ መስመር ከትርፉ በታች ተጽፎ እንዲቀርብለት ቢያዝዝ የሚከለክለው ሕግ የለም፤ ጉርሻም ከተለዋዋጭ ወጪው ትርፍ እንዲታሰብ መወሰን ይችላል። የአክሲዮን ባለቤት የሆነና የውስጡን መዝገብ ማየት የማይችል ሰው ደግሞ በዓመታዊው ሪፖርት ሁለት ቦታ ይመልከት፦ ስለ ዕቃ ክምችት በሚናገረው ማብራሪያ ላይ ያለቀለት ዕቃ ከሽያጩ ፈጥኖ አድጎ እንደ ሆነ፣ በጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውም ላይ ትርፉ ሲያድግ ከሥራ የተገኘው ገንዘብ ቀንሶ እንደ ሆነ። ሁለቱ አንድ ላይ ከተገኙ፣ ያለቀለት ዕቃ ላይ ያረፈው ቋሚ ወጪ አምና ስንት ነበር፣ ዘንድሮስ ስንት ነው ብሎ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ መጠየቅ ይገባዋል።