መስመሩ ወደ ጎን ሲሸሽ

አክስቴ ጡረታ የወጣች መምህር ናት። የስኳር ሕመም ሬቲናዋን ስለጎዳው ላፕቶፕ ላይ የምታነበው ገጹን 400 በመቶ አጉልታ ነው። በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣውን ማስታወቂያ ስታነብ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የመስመሩን መጀመሪያ ታነብና ገጹን ወደ ቀኝ ትገፋዋለች፤ ጥቂት ቃላት ታነብና እንደገና ትገፋዋለች፤ መስመሩ ሲያልቅ እስከ ግራው ጠርዝ ትመለሳለች። ከዚያ ትቆምና «የቱ መስመር ላይ ነበርኩ?» ትላለች።

ጥፋቱ የዓይኗ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ፊደል በደንብ ይታያታል። ያስቸገራት የገጹ አሠራር ነው።

የላፕቶፑ ስክሪን 1280 ፒክስል ስፋት አለው። ገጹ አራት እጥፍ ሲጎላ ስክሪኑ ላይ የሚቀረው ቦታ 1280 ለ4 ሲካፈል፣ ማለትም 320 ነው፤ የአንድ ትንሽ ስልክ ስፋት። የማስታወቂያው ጽሑፍ ግን ስፋቱ 960 ሆኖ ተቆርጦለታል። 960 ውስጥ 320 ሦስት ጊዜ ስላለ እያንዳንዱ መስመር ሦስት ቦታ ይቆራረጣል። ማስታወቂያው 25 መስመር ቢኖረው አክስቴ 50 ጊዜ ወደ ቀኝ ትገፋለች፣ 24 ጊዜ ትመለሳለች። መስመር የሚጠፋባትም በዚህ መመለስ ላይ ነው።

መፍትሔው ገጹ ራሱን እንደገና እንዲደረድር መተው ነው። ስፍራው ሲጠብ መስመሩ ይጠር፣ ጎን ለጎን የነበሩት ዓምዶች አንዱ ከሌላው ሥር ይውረዱ፤ አንባቢዋም ወደ ታች ብቻ ትሂድ። የማስታወቂያውን ኮድ ከፍቼ ሳይ የጽሑፉ ሣጥን እንዲህ ታዝዟል፦

```
width: 960px;
```

ይህ «ምንም ቢመጣ 960 ሁን» ማለት ነው። በዚህ ቢተካ ኖሮ፦

```
max-width: 960px;
```

ትርጉሙ «ቢበዛ 960 ሁን፤ ቦታ ካጣህ ጥበብ» ይሆን ነበር። አክስቴን ግማሽ ሰዓት ያደከማት ይህች አራት ፊደል ናት።

የድር መመዘኛዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ተቋም ደብሊው ስሪ ሲ በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ ይህንኑ 320 ወሰን አድርጎ አስቀምጧል። በዚያ ስፋት ላይ ይዘት ሳይጎድል፣ ወደ ታችም ወደ ጎንም መግፋት ሳያስፈልግ መነበብ አለበት ይላል። ካርታ፣ ሥዕላዊ መግለጫና የቁጥር ሠንጠረዥ ግን ከዚህ ነፃ ናቸው፤ ረድፍና ዓምዳቸው ከተበተነ ትርጉማቸው ይጠፋልና። ሠንጠረዡ በራሱ ሣጥን ውስጥ ወደ ጎን ቢንሸራተት ምንም አይደለም፤ ዙሪያው ያለውን አንቀጽ ይዞ መሄድ ግን የለበትም።

ስፋቱ ቢስተካከልም ሁለት እንቅፋቶች ይቀራሉ። አንዱ ከላይ ተጣብቆ የሚቀር የገጽ ራስጌ ነው። ቁመቱ 720 የሆነ ስክሪን አራት እጥፍ ሲጎላ የሚቀረው 180 ነው። 90 የሚይዝ ራስጌ አልንቀሳቀስ ካለ ግማሹን ይበላል፤ ለንባብ የሚተርፈው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ሁለተኛው በተለይ የእኛን ጽሑፍ ይነካል። አማርኛ ቅጥያውን ሁሉ በአንድ ቃል ስለሚያስር ቃሉ ይረዝማል፤ «እንደሚያስፈልጋቸው» 11 ፊደል ነው። በ48 ፒክስል በተጻፈ ርእስ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ብቻውን ከ320 ሊያልፍና ገጹን ሁሉ ወደ ጎን ሊጎትተው ይችላል። ስለዚህ በጠባብ ስፋት ላይ ርእሱን ማሳነስ፣ ወይም ረጅም ቃል እንዲሰበር መፍቀድ ያስፈልጋል። እኔ ማሳነሱን እመርጣለሁ፤ መሀሉ ላይ የተሰበረ ቃል ማየት ለሚያዳግተው ሰው ሌላ ሸክም ነው።

ስልክ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በሁለት ጣት ሲለጠጥ ገጹ እንደ ፎቶ ይጎላል እንጂ አይደረደርም፤ መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። የፊደሉን መጠን ከብራውዘሩ ሴቲንግ ማሳደግ ይሻላል። እሱም ቢሆን የሚሠራው ሠሪው ለሣጥኖቹ ቁርጥ ያለ ቁመት ካልሰጠ ነው። ቁመቱ የተቆረጠ ቁልፍ ላይ ጽሑፉ ወደ ሁለተኛ መስመር ሲወርድ «ላክ» የሚለው ቃል ከወገቡ በታች ተቆርጦ ይቀራል።

ገጽ የምትሠሩ፣ የምታሠሩም፣ ከመረከባችሁ በፊት የብራውዘሩን መስኮት ወደ 1280 ስፋት አምጡና ኮንትሮልና የመደመር ምልክቱን ይዛችሁ 400 በመቶ አድርሱት። ሰፊ ስክሪን ላይ መስኮቱን ሳታጠብቡ ብትሞክሩት ፈተናው ይቀላል፤ 1920 ለ4 ሲካፈል 480 ነውና። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ውረዱ፣ ቅጽ ካለ ሞልታችሁ ላኩ። ጽሑፉን ለማንበብ ገጹን ወደ ጎን መግፋት ካስፈለጋችሁ፣ ወይም ያጣችሁት ቁልፍ ካለ፣ ሥራው አላለቀምና አትረከቡት።