VLOOKUP የተሳሳተ ዋጋ የሚያወጣው ለምንድን ነው?

በዛሬው ገለጻችን ኤክሴል ምንም ማስጠንቀቂያ ሳያሳይ የተሳሳተ ዋጋ የሚያወጣበትን አንድ ሁኔታ እንመለከታለን።

አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የዋጋ ዝርዝሩን ከA2 እስከ C8 ባሉት ሰባት ረድፎች መዝግቧል እንበል። በA ዓምድ የዕቃው መለያ ቁጥር፣ በB ስሙ፣ በC ዋጋው ተጽፏል። መለያ ቁጥሮቹ ከላይ ወደ ታች 104፣ 101፣ 110፣ 107፣ 103፣ 109 እና 112 ናቸው። 101 እስክርቢቶ ነው፤ ዋጋው 20 ብር። 103 ደብተር ነው፤ ዋጋው 85 ብር። የደብተሩን ዋጋ ለማግኘት በE2 ላይ 103 ተጽፎ ይህ ቀመር ይገባል፦

```
=VLOOKUP(E2,$A$2:$C$8,3)
```

የሚወጣው መልስ 85 ሳይሆን 20 ነው። 200 ደብተሮች በዚህ ዋጋ ቢሸጡ መደብሩ 17,000 ብር መቀበል ሲገባው 4,000 ብር ብቻ ይቀበላል።

ምክንያቱ የቀመሩ አራተኛ ክፍል አለመጻፉ ነው። በዚህ ጊዜ ኤክሴል ተቀራራቢ ማዛመድን ይመርጣል፤ የመጀመሪያው ዓምድም ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደረ ነው ብሎ ይነሣል። ስለዚህ ረድፎቹን አንድ በአንድ አያነብም፤ ከመካከል ይጀምራል። በመካከሉ 107ን ያገኛል። 103 ከዚህ ስለሚያንስ የታችኛውን ግማሽ ይተወዋል፤ ደብተሩ ግን ያለው እዚያው ነው። ከላይ በቀሩት ሦስት ረድፎች መካከል 101ን ያገኛል፤ ቀጥሎ ያለው 110 ከ103 ስለሚበልጥ በ101 ላይ ይቆማል፤ የእስክርቢቶውንም ዋጋ ይሰጣል። በዚሁ ዝርዝር 109 ቢፈለግ ግን መልሱ ትክክል ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ዋጋዎችን ብቻ መርምሮ ሥራውን ማመን አይቻልም።

ዝርዝሩን በቅደም ተከተል መደርደር ችግሩን በከፊል ብቻ ያቃልለዋል። ከተደረደረ በኋላም በዝርዝሩ የሌለው 106 ቢጻፍ፣ ከእርሱ ከሚያንሱት ትልቁ የሆነው የ104 ዋጋ ይወጣል። መፍትሔው ፍጹም ማዛመድ ነው፦

```
=VLOOKUP(E2,$A$2:$C$8,3,FALSE)
```

አሁን ለ103 የሚወጣው 85 ነው፤ ለ106 ደግሞ `#N/A` ይወጣል። ይህም «ቁጥሩ በዝርዝሩ የለም» ማለት ነው፤ በዜሮ ሊሸፈን አይገባም።

ቁጥሩ በዓይን እየታየ `#N/A` ከወጣ፣ አንደኛው እንደ ቁጥር፣ ሌላው እንደ ጽሑፍ ተመዝግቦ ይሆናል። በባዶ ሴል `=A6=E2` ብሎ መጻፍ ያጣራዋል፤ መልሱ `FALSE` ከሆነ ሁለቱ ሴሎች አንድ አይደሉም።

ተቀራራቢ ማዛመድ የራሱ ቦታ አለው። ቅናሹ ከ1፣ ከ50 እና ከ100 ዕቃ ጀምሮ የሚለያይ ከሆነ፣ 70 የገዛ ሰው የሚያገኘው የ50ውን ቅናሽ ነው። እንዲህ ላለ በእርከን ለተደረደረ ሰንጠረዥ ያገለግላል፤ ለመለያ ቁጥር ግን የቅርቡ ቁጥር ሌላ ዕቃ ነው።